ሳልመታ እበልዛለሁ፤ ምርመራዬ ግን "ደህና ነው" ተባለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ጭኔና ክንዴ ላይ ምን እንደመታኝ ሳላውቅ ይበልዛል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ አሁን ግን አሳሰበኝ። እናቴ "ሌሊት መንፈስ ቆንጥጦሽ ነው" ትለኛለች። ክሊኒክ ስሄድ "ደም ማነስ ነው" ብለው የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። ፕላትሌትሽም የደም መርጋት ምርመራሽም ደህና ነው አሉኝ። ወር አበባዬ 8 ቀን ይቆያል። ጓደኛዬ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ውሰጂ ትለኛለች። የደም ካንሰር ይሆን እንዴ? ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከብልዙ ይልቅ እኔን የሳበኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው የወር አበባ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ስለ ደም ማነሱ ልናገር።

በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ በራሱ ቆዳ አያበልዝም። ብዙ ሰው ያበልዛል ብሎ ያምናል፤ አንዳንዴ ባለሙያም ሲለው እሰማለሁ። እንዲያውም ብረት ሲያንስ፣ ደም እንዲቆም የሚያግዙት ፕላትሌት የሚባሉ ትንንሽ የደም ሴሎች ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ታዲያ ብልዝና ደም ማነስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሲገኙ ልንጠረጥር የሚገባን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መምጣታቸውን ነው። ደሙ ቶሎ አይቆምም። ቆዳ ስር ሲፈስ ይበልዛል። በወር አበባ ሲፈስ ብረቱን ይዞ ይወጣል። ኪኒኑ የወጣውን ብረት ይተካል እንጂ መፍሰሱን አያቆመውም። ስለዚህ ኪኒኑ ባለቀ በጥቂት ወራት ደም ማነሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ ክሊኒክ ሄደሽ ያንኑ ኪኒን ይሰጡሻል። ይህን ዙር ዓመታት ሲዞሩ የቆዩ ሴቶች ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ብልዙ እንመለስ። ከቆዳ ስር ያለ ቀጭን የደም ሥር ሲበጠስ ደሙ ወደ ዙሪያው ይፈስና ይቋጠራል። መጀመሪያ ቀላ ወይም ጠቆር ይላል፤ ከዚያ ሰውነት የፈሰሰውን ደም እየሰባበረ ሲያጸዳው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆኖ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። በኛ ቆዳ ላይ እነዚህ ቀለሞች በግልጽ አይታዩም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቦታ ነው፤ አንዳንዴም ከማየት ይልቅ በእጅ ሲነኩት ነው የሚታወቀው።

እናትሽን አትቆጫት። ማታ ያልነበረ ነገር ጠዋት ልብስ ስትለብሺ ከታየሽ፣ ሌሊት የመጣ ነው ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ነገር ግን ደሙ ከተበጠሰው ሥር ተነስቶ ቆዳ ላይ እስኪታይ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ስትገቢ የወንበሩ ብረት ጭንሽን ነካ አድርጎሽ ይሆናል። ቢሮ የጠረጴዛ ጠርዝ መቶሽ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ማንም አያስታውሰውም። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች በቀላሉ ይበልዛሉ፤ በተለይ ጭንና የላይኛው ክንድ ላይ። ሳንቲም የሚያክል፣ አንድ ሁለት ብልዝ፣ ቅልጥም ወይም ጭን ላይ ብቻ ሆኖ፣ ሌላ ምንም የደም መፍሰስ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ እንኳ አያስፈልገውም።

የሚያሳስበኝ ብልዝ ሌላ ነው። ጀርባ፣ ሆድና ደረት በተራ ግጭት ብዙም አይመቱም፤ እነሱ ላይ ከወጣ እጠይቃለሁ። መጠኑ በተደጋጋሚ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ መሃሉ ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ሲኖረው፣ ወይም በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ቦታ ሲወጣ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ለብቻችን ስንሆን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ ቤት ውስጥ የሚመታሽ፣ ክንድሽን ጨምድዶ የሚይዝሽ ሰው አለ? አንቺን ጠርጥሬ አይደለም፤ ለማንም የማቀርበው ጥያቄ ነው። "አላስታውስም" የሚለው መልስ አንዳንዴ "መናገር አልችልም" ማለት ስለሚሆን ነው።

"ምርመራሽ ደህና ነው" መባሉ ለምን በቂ እንዳልሆነ ለመረዳት ደም እንዴት እንደሚቆም ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት ሲሠራ አይተሽ ከሆነ ቀላል ነው። የተበጠሰው የደም ሥር የፈረሰ ግድግዳ ነው። ፕላትሌቶች ቀድመው የሚለጠፉት ጭቃ ናቸው። ጉበት የሚሠራቸው የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ደግሞ ፋይብሪን የሚባል ክር ያወጣሉ፤ ይሄ ጭቃውን የሚያስተሳስረው ጭድ ነው። ግን ጭቃው መጀመሪያ እንጨቱን መያዝ አለበት። ያን የሚያደርግለት ቮን ቪለብራንድ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕላትሌትን ከተበጠሰው ሥር ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው።

እንግዲህ የተሠራልሽን ምርመራ እንየው። ሲቢሲ የሚባለው ፕላትሌቶችን ይቆጥራል፤ ይጣበቁ አይጣበቁ ግን አያሳይም። ፒቲ እና ኤፒቲቲ የሚባሉት ሁለቱ የመርጋት ምርመራዎች የሚፈትሹት ጭዱን ብቻ ነው። የሚሠሩት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦ ውስጥ የተበጠሰ የደም ሥር የለም። ስለዚህ የማጣበቂያው ፕሮቲን በመጠኑ ያነሰበት ሰው ሦስቱም ምርመራዎች ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ውሸት አልነገሩሽም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው የቀረው።

ችግሩ የት እንዳለ ደሙ የሚፈስበት ቦታ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ፕላትሌት ወይም ማጣበቂያው ሲጎድል ደም የሚወጣው ከላይ ከላይ ነው፦ ቆዳ ይበልዛል፣ ነስር ይመጣል፣ ድድ ይደማል፣ የወር አበባ ይበዛል። ቆረጥ ሲያደርግሽ ወዲያው መፍሰስ ይጀምርና አልቆም ይላል። ጭዱ ሲጎድል ግን፣ ለምሳሌ ሄሞፊሊያ በሚባለው የመድማት በሽታ፣ ደሙ ከውስጥ ነው፦ ጉልበት ያብጣል፣ ጡንቻ ውስጥ ይቋጠራል። መጀመሪያ የቆመ መስሎ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይፈሳል። አንቺ የነገርሽኝ ከመጀመሪያው ወገን ነው።

አሁን ለራስሽ መልሺ። ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ ነው የምትቀይሪው? በብዛት በሚመጣባቸው ቀናት በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞልቶ የምትቀይሪ ከሆነ ብዙ ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም ይወርዳል? ሌሊት ተነስተሽ ትቀይሪያለሽ? አንሶላ ይበላሽብሻል? ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ወር አበባም በራሱ ከተለመደው ያለፈ ነው። ብዙ ሴት "እናቴም እህቴም እንዲህ ናቸው" ስለምትል እንደ ጤና ትቆጥረዋለች። ለእኔ ግን ይህ መልስ ጥርጣሬዬን ያባብሰዋል፤ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላላ። ጥርስ ተነቅለሽ ታውቂያለሽ? ስንት ሰዓት ደማ? ነስር ሲመጣብሽ አፍንጫሽን ይዘሽ ከ10 ደቂቃ በላይ ይቆያል? እናትሽ ስትወልድሽ ወይም ወንድሞችሽን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር? ይህን የመጨረሻውን እናትሽን ራሷን ጠይቂያት።

አንዲት ታካሚ ላንሳልሽ፤ እንዳትታወቅ ዝርዝሯን ቀይሬዋለሁ። አስተማሪ ናት፣ በሃያዎቹ መጨረሻ። ወደ እኔ የተላከችው "አይረን አልሠራላትም" ተብላ ነው። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ ወርዶ 8.2 ነበር፤ ቀይ የደም ሴሎቿ ትንንሽ ሆነዋል፤ ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው። ፕላትሌቷ 470 ሺህ፣ እንዲያውም ከተለመደው ከ150 እስከ 450 ሺህ ትንሽ አልፏል። ፒቲ ደህና፣ ኤፒቲቲ ደህና። ሆድ ዕቃዋ በአልትራሳውንድ ታይቶ ዕጢም ሆነ ሌላ ነገር የለም። ጭኗ ላይ አራት ብልዝ አየሁ፤ ትልቁ የእጄን መዳፍ ግማሽ ያህላል። ድድሽ ይደማል ወይ ስላት "ጥርሴን ስቦርሽ ሁልጊዜ፤ ብሩሹ ጠንካራ ስለሆነ ነው" አለችኝ። ወንድሟ ጥርሱን ተነቅሎ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ ነክሶ እንዳደረ፣ በማግስቱ ተመልሶ እንደተሰፋ ነገረችኝ። እናቷ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ደም ተሰጥቷታል። ከዚያ ወዲያ ለመጠርጠር ሌላ ምንም አላስፈለገኝም።

የቮን ቪለብራንድ ፋክተር መጠን ተለካላት፤ 34 በመቶ ሆነ። የሥራው ብቃት 28 በመቶ። ከ50 በላይ ደህና ነው። ከ30 በታች ከሆነ ቮን ቪለብራንድ የሚባለው በሽታ አለ ይባላል፤ በ30 እና በ50 መካከል ደግሞ የመድማት ታሪክ ካለ እንደ በሽታ ይያዛል። ሌላ ቀን ደገምነው፤ ተመሳሳይ መጣ። አይረኑ ቀጠለ፤ ግን ከሱ ጋር ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን ተጨመረ። ይህ የተሠራው የደም መርጊያ ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ነው። ወር አበባ በሚመጣባቸው የመጀመሪያ አራት አምስት ቀናት አንድ ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትወስዳለች። ለሕመሙ ትወስደው የነበረውን ዳይክሎፌናክ አቁማ ወደ ፓራሲታሞል ቀየረች። በአራት ወር ሄሞግሎቢኗ ከ12 አለፈ። ብልዙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እሱን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር።

ይህ በሽታ በዘር ከሚተላለፉት የመድማት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው፤ ወንድንም ሴትንም እኩል ይይዛል። ስሙን ያገኘው ከፊንላንዳዊው ሐኪም ከኤሪክ ቮን ቪለብራንድ ነው። ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች የአምስት ዓመት ሕፃን አይቶ፣ ቤተሰቧን አጥንቶ በ1926 ጻፈው። ያች ልጅ ከዓመታት በኋላ የሞተችው ገና በጀመራት የወር አበባ ነበር። በዘመኑ ለወንዶች ሄሞፊሊያ ብዙ ትኩረት ይሰጥ ነበር፤ የሴቶች መድማት ግን "ያለ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬም ብዙም አልተለወጠም ብል አላጋነንኩም።

ምርመራውን ስትፈልጊ ሁለት ሦስት ነገር ልብ በይ። በየቦታው አይሠራም። ትልልቅ ሆስፒታሎችን ወይም ናሙና ወደ ውጭ የሚልኩ ላቦራቶሪዎችን መጠየቅ ይኖርብሻል። የዚህ ፕሮቲን መጠን እንደ ሰውነት ሁኔታ ይወጣል ይወርዳል። ኢንፌክሽን ሲኖር፣ በጣም ስትደነግጪ፣ ስፖርት ሠርተሽ ስትመጪ፣ ስታረግዢ ከፍ ይላል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጉንፋን ይዞሽ ሮጠሽ ደርሰሽ ብትመረመሪ ደህና ሊመስል ይችላል። በተረጋጋሽበት ቀን፣ ከተቻለ በወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀናት ይሁን። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች በተፈጥሮ ከሌላው ሩብ ያህል ዝቅ ይላሉ፤ ለሐኪሙ ንገሪው። ናሙናው ደግሞ ልዩ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ምልክቱ ካልሞላ ውጤቱ ይዛባል፤ ሳይጣራ ፍሪጅ ውስጥ ከከረመም መጠኑ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የመጣ ወሰን ላይ ያለ ውጤት መደገም አለበት።

ወደ ቫይታሚን ልሂድ፤ ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የቫይታሚን ሲ እጥረት ያበልዛል። ምክንያቱም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚያጠነክረው ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ በደንብ አይሠራም። ግን መልኩ ከአንቺ ይለያል። ቅልጥም ላይ በየጸጉሩ ሥር ዙሪያ ትንንሽ ደም የቋጠሩ ነጥቦች ይወጣሉ። ጸጉሩ ራሱ ይጠቀለላል። ድድ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይደማል። እግር በጣም ያማል። ድካም ይበዛል። የሚመጣውም አንድ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ፍራፍሬና አትክልት ከአፉ ሲጠፋ ነው። በቀን 10 ሚሊ ግራም ብቻ እንኳ ይከለክለዋል፤ አንድ ብርቱካን ከዚህ ብዙ እጥፍ አለው። ጥሬ ቃሪያ ከእንጀራሽ ጋር የምትበዪ ከሆነ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ቅጠልና ቲማቲም ግን ለረጅም ሰዓት ሲበስል ብዙው ይጠፋል።

በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ይህ በሽታ በብዛት ታይቷል፤ የሚሰጣቸው እህል፣ ዘይትና ጥራጥሬ ሆኖ ትኩስ ምግብ አልነበረበትም። ዛሬ የማየው ብቻቸውን በሻይና ዳቦ የሚውሉ አረጋውያን ላይ፣ መጠጥ ያበዙ ሰዎች ላይ፣ እና ሁለት ሦስት ነገር ብቻ የሚበሉ ሕፃናት ላይ ነው። ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቱ ፈጣን መሆኑ ነው። ቫይታሚኑ ሲጀመር ሕመሙና ድካሙ በቀናት ይሻሻላል፤ ብልዙ ደግሞ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ወር ሙሉ ወስዶ ምንም ያልተለወጠለት ሰው ችግሩ ሌላ ነው።

ቫይታሚን ኬ ሌላ ታሪክ ነው። ጉበት ጭዱን ሲሠራ ይፈልገዋል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ በብዛት አላቸው። ግን ጤነኛ ሰው ጎመን ስላልበላ ብቻ ኬ አያጥርበትም። የሚያጥረው ቅባት አንጀት ውስጥ መግባት ሲያቅተው ነው፦ የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ፣ አንጀት ሲታመም። ወይም ሰው ሳይበላ ሆስፒታል ተኝቶ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ሲወስድ። ይህን ፒቲ ያሳያል። ኬ በመርፌ ተሰጥቶ በማግስቱ ፒቲ ከተስተካከለ እጥረት ነበር ማለት ነው። ካልተስተካከለ ጉበት ራሱ ተጎድቷል ብለን እንጠረጥራለን። ያንቺ ፒቲ ደህና ስለሆነ ኬን እንተወው።

ቢ12 ደግሞ ሲያጥር የሚቀንሰው የፕላትሌት ቁጥር ነው፤ ሲቢሲ ላይ ቀይ ሴሎቹ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ። ሥጋና ወተት ለዓመታት የተዉ ሰዎችና ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ የስኳር ታካሚዎች ላይ አስበዋለሁ። አንቺ ዘንድ ግን ፕላትሌትሽ ደህና ነው ተብለሻል።

ስለዚህ ቫይታሚን ሲ ብትወስጂ አይጎዳሽም፤ ግን ጊዜ እንዳይበላብሽ እሰጋለሁ።

ቀጥሎ ማየት ያለብሽ የመድኃኒት ቦርሳሽን ነው። አስፕሪን ከወሰድሽ የነካቸው ፕላትሌቶች እስኪተኩ ድረስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን በደንብ አይጣበቁም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያው ነገር ያደርጋሉ፤ እነሱ ግን ካቆምሻቸው በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ለወር አበባ ሕመም ብለሽ ከነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ፣ በየወሩ በትክክል በማይገባው ሰዓት እየወሰድሽው ነው። ለድብርት የሚሰጡ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም በትንሹ ያበልዛሉ፤ ግን ሐኪምሽን ሳታማክሪ እንዳታቆሚ። ቆዳ ለማቅላት የሚቀባ ክሬም የምትጠቀሚ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪ። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲነካ ይበልዛል። ይህን ለይቼ የማውቀው ብልዙ የተቀባው ቦታ ላይ ብቻ ሲሆን ነው።

እግረ መንገዴን ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ አንባቢዎች አንድ ቃል ልጨምር፤ አንቺን አይመለከትም። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በማገድ ነው። በጾም ወራት ጎመንና ቆስጣ ሲበዛ መድኃኒቱ ይዳከማል፤ ጾሙ ሲፈታና ቅጠሉ ሲቀንስ ደግሞ ይበረታል፤ ያኔ ነው ብልዙ የሚመጣው። ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ሲጨመርበት ደግሞ በጣም ይበረታል። ጎመን መተው አይደለም መፍትሔው። ጾሙ ሲገባና ሲፈታ የመድኃኒቱን ብርታት የሚያሳየውን አይ ኤን አር የሚባል ምርመራ አስለኩ። አዲስ ኪኒን ሲታዘዝላችሁ ደግሞ ዋርፋሪን እንደምትወስዱ ተናገሩ።

የደም ካንሰር ያልሽውን ልመልስ። ከልጅነት ጀምሮ ያለ ብልዝ፣ ደህና ፕላትሌት፤ ይህ የደም ካንሰር መልክ አይደለም። አጣዳፊው የደም ካንሰር በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ ትኩሳት፣ መገርጣት፣ የአጥንት ሕመም አብረውት ይመጣሉ፤ ሲቢሲም ላይ ያልተለመደ ነገር ያሳያል። ፕላትሌት በድንገት የሚወርድበት ሌላም በሽታ አለ፤ አይ ቲ ፒ ይባላል፤ ሰውነት የራሱን ፕላትሌት ያጠፋል። ይህ በድንገት የሚጀምር ነው እንጂ ዕድሜ ልክ አብሮ የኖረ አይደለም። ካላዛር የሚባለው በሽታ ባለባቸው እንደ ሁመራና መተማ ያሉ አካባቢዎች የኖረ ሰው ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ ከበለዘ ደግሞ መጀመሪያ እሱን እናስባለን።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂበትን ምልክት ልንገርሽ። እግር ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ብዙ ቀይ ነጥቦች በድንገት ከወጡና በብርጭቆ ስትጫኛቸው ካልጠፉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ በደንብ ላይታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የዓይንሽን የታችኛውን ቆብ ገልብጠሽ፣ የአፍሽን ጣሪያና የጉንጭሽን ውስጥ በመስተዋት እዪ። አፍ ውስጥ ደም የቋጠረ እብጠት ካየሽ ያኔውኑ ሂጂ፤ ፕላትሌት በጣም እንደወረደ ያሳያል። ጥቁር ሰገራ፣ በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ማዞርና ልብ መምታት ካለ እንዲሁ።

እንግዲህ ለአንቺ የምለው ይህ ነው። የሁለት ወር አበባ መዝግቢ፦ ቀኑን፣ በቀን ስንት ሞዴስ፣ የረጋ ደም ወረደ አልወረደም። ብልዙን ከሳንቲም ጎን አድርገሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ያንን ይዘሽ የውስጥ ደዌ ወይም የደም ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የቀድሞውን የሲቢሲ ወረቀትም አትርሺ። ፌሪቲን ይሠራልሽ፤ የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው እሱ ነው። የቮን ቪለብራንድ ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። እሱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የፕላትሌት የሥራ ብቃት ነው። ማሕፀንሽም በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ዕጢ ኖሮ እሱ ሊሆን ይችላል የሚያደማሽ። እስከዚያው አይረኑን አታቋርጪ፤ ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ግን ከፋርማሲ በራስሽ እንዳትገዢ። እግርሽ ወይም ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶ ከነበረ አይሰጥም።

ጥርስ ልትነቀዪ ወይም ቀዶ ጥገና ሊደረግልሽ ከሆነ ውጤቱ እስኪወጣ አስቀድመሽ ተናገሪ። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽም ምርመራውን ከእርግዝና በፊት ጨርሺው። በእርግዝና ወቅት ፕሮቲኑ በራሱ ከፍ ስለሚል ውጤቱ ያታልላል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚደሙት ወልደው ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጭምር ነው። የሚያዋልድሽ ሐኪም ይህን ካወቀ ከሆስፒታል ከመውጣትሽ በፊት መድኃኒቱን በእጅሽ ይሰጥሻል።